ጥለቱ ከመሸመኑ በፊት፦ የሐበሻ ቀሚስን በሙሽራዋ ፎቶ ላይ በልኩ ማየት

ልብስ ሰፊ የሰፋውን መፍታት ይችላል። ወገቡ ቢሰፋ ያጠበዋል፣ እጅጌው ቢረዝም ያሳጥረዋል፣ አንገቱ ቢጠብ ቆረጥ ያደርግለታል። ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ ጥለት ግን መመለሻ የለውም። ሸማኔው አንድ ጊዜ ድሩ ላይ ካስገባው ስፋቱም ቦታውም ያው ነው። «አልወደድኩትም» ማለት ሌላ ሸማ እንደገና ማሠራት ነው። ስለዚህ ሙሽራ ከሁሉም አስቀድማ ቁርጡን ማወቅ ያለባት የጥለቱን ስፋትና ቦታ ነው። ብዙዎቹ ግን ይህን የሚወስኑት ስልካቸው ላይ የሌላ ሴት ፎቶ እያዩ ነው።

የሌላ ሴት ፎቶ የሚያሳስተው ቁመቷን ስለማናውቅ ነው። በ175 ሴንቲ ሜትር ሴት ላይ ቀጭን መስሎ የታየ የታች ጥለት በ158 ሴንቲ ሜትር ሴት ላይ ቀሚሱን ከጉልበት በታች ሊውጠው ይችላል። የሙሽራዋን ፊት በሌላ ሴት ቀሚስ ላይ መለጠፍም መፍትሔ አይሆንም፤ ፊቷ የራሷ ይሁን እንጂ ትከሻው፣ ወገቡና ቁመቱ የሌላ ሰው ነው።

እኔ ፎቶ ቤቴ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ቀሚስ የሚያሠሩት ደንበኞቼ አብዛኞቹ የሚሄዱት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ተነሥቶ ሰሜን ጫፍ፣ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ማለት ነው። ይህን ሁሉ መንገድ «ጥለቱ ሰፋ ይበል» ለማለት ብቻ መመላለስ አይገባም። ከዚህ በታች የማስረዳው ሥራ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ለሸማኔውና ለልብስ ሰፊው የሚሰጥ፣ ልኩ በሴንቲ ሜትር የተጻፈበት አንድ ገጽ ይወጣል።

መጀመሪያ አቡጀዲ

የዚህ አሠራር ዋናው ነገር ኮምፒውተሩ ሳይሆን አቡጀዲው ነው። ሙሽራዋ ፎቶ የምትነሣው ሱሪና ቲሸርት ለብሳ ከሆነ ነጩን ቀሚስ ከነእጥፋቱ፣ ከነጥላው ከባዶ መሳል ይኖርብናል፤ ያ ደግሞ የሠዓሊ ሥራ ነው። ነጭ አቡጀዲ ለብሳ ከተነሣች ግን ቀሚሱ ፎቶው ውስጥ አለ። የቀረን ጥለቱን ማልበስ ብቻ ነው።

አራት ሜትር ያህል አቡጀዲ ግዙና አንድ ጊዜ በሙቅ ውኃ እጠቡት። አዲስ አቡጀዲ በሙጫ የደረቀ ስለሆነ ካልታጠበ እንደ ካርቶን ቆሞ ይቀራል፤ ወገቧም ዳሌዋም በፎቶው ላይ ከእውነቱ ሰፍቶ ይታያል። ከታጠበ በኋላ መተኮስ አያስፈልገውም፤ ጨምደድ ያለው በእጅ ተራግፎ ይስተካከላል።

ከዚያ ቤት ውስጥ መርፌ ለሚይዝ ሰው ስጡት። አክስት ወይም ጎረቤት ትበቃለች፣ ልብስ ሰፊ መሆን የለባትም። የሚፈለገው ቀሚሱ ሊሠራ በታሰበበት ቅርጽ በረጃጅም ስፌትና በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ ነው። ወገቡ ላይ ሽንሽን የሚኖረው ከሆነ አሁኑኑ ሸንሽኑት፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነም እንደዚያው። እጅጌው እስከ ክንድ ይሁን እስከ አንጓ አሁን ይወሰን። መቀነት የምትታጠቅ ከሆነም ትታጠቀው። ጫማዋ ተረከዝ ያለው ከሆነ ያንኑ ተጫምታ ትቁም፤ የታችኛው ጥለት ከመሬት የሚርቀው በጫማው ልክ ነው።

ፎቶው

ሙሽራዋ በጥላ ውስጥ ትቁም፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ደጅ ያለው የጋራ በረንዳ ጥሩ ቦታ ነው፤ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ስለሚገባ እጥፋቶቹን ያሳያል። ከበስተኋላዋ ነጭ ግድግዳ አይሁን፤ ነጭ በነጭ ላይ ጠርዙ ይጠፋል። ቡናማ በር ወይም የተዘረጋ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ስልኩን የያዘው ሰው ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይራቅና የስልኩን 2x ይጫን። ተጠግቶ መደበኛውን ሌንስ መጠቀም እግሯን ያሳጥራል፣ ጭንቅላቷን ያተልቃል። ስልኩ ደግሞ ከዐይን ሳይሆን ከወገቧ ትይዩ ይያዝ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም አይዘንብል። ከዐይን ከፍታ ቁልቁል የተነሣ ፎቶ የታችኛውን ጥለት ከእውነቱ ያቀጥነዋል፤ ልክ የምንፈልገው ደግሞ በዋናነት እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የነጩ ጉዳይ አለ። የስልክ ካሜራ ብዙ ነጭ ሲያይ ወይ ሁሉንም ያጠቁረዋል፣ ወይ ፊቷን ለማብራት ሲል ቀሚሱን ያቃጥለዋል። ቀሚሱን በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙ፤ ከጎኑ በሚመጣው የብርሃን መቆጣጠሪያ የአቡጀዲው እጥፋት እስኪታይ ድረስ ዝቅ አድርጉ። ትንሽ የጠቆረ ፎቶ ይስተካከላል፤ የተቃጠለ ነጭ ውስጥ ግን የሚመለስ ነገር የለም።

አሁን በቸልታ ካለፉት ሥራውን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው ነገር መጣ። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ የመጥረጊያ እጀታ ቢሆንም፣ ውሰዱና በትክክል 100 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች በቀይ ፕላስተር አድርጉበት። ሙሽራዋ ይህን እንጨት ከጎኗ ቀጥ አድርጋ ትያዘው። እንጨቱ ከትከሻዋና ከዳሌዋ እኩል መስመር ላይ ይሁን፤ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ላይ መደገፍ የለበትም። ካሜራው ከእሷ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንጨቱ ከኋላዋ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢደገፍ መለኪያችን በ15 በመቶ ያህል ይሳሳታል። ፎቶው ላይ ዐይታችሁ የወደዳችሁት ጥለት በእውነቱ 17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ ሸማኔውን 20 ብላችሁ ታዛላችሁ ማለት ነው። እሱም 20 አድርጎ ይሸምነዋል፤ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም።

ሦስት ፎቶ አንሡ፦ አንዱ ቆማ ከፊት፣ ሁለተኛው ነጠላ ወይም ካባ ደርባ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ። እንጨቱ በሦስቱም ውስጥ ይኑር።

የጥለቱን ናሙና ማንሣት

ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ ልባችሁ የወደደውን ጥለት ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ አንሡት። ማኔኪን ላይ የተሰቀለውን አይደለም። በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ሳይጨማደድ፣ ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ከጎኑም የልብስ ሰፊ ሜትር ተዘርግቶ ይነሣ። የፎቶው ዐራቱም ማዕዘን ላይ ጥለቱ እኩል ስፋት ካለው በትክክል ተነሥቷል፤ በአንድ በኩል ከጠበበ ስልኩ ዘንብሎ ነበርና ድገሙት።

እዚያው እያላችሁ ጥለቱ በስንት ረድፍ እንደተሠራ ተመልከቱ። ለምሳሌ የምንከተላት ሙሽራ የመረጠችው ጥለት ጠቅላላ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። መካከሉ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የመስቀል ረድፍ አለ፤ በሁለቱም ጎን ደግሞ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ቀጫጭን መስመሮች ያቅፉታል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ኋላ ጥለቱን ስናሰፋና ስናጠብ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሥዕልን በፈለጉት መጠን መለጠጥ ይቻላል፤ ሸማኔ ግን ንድፉን የሚያወጣው ክር እየቆጠረ ነው። 12 የነበረውን 20 አድርግልኝ ስትሉት መስቀሉን እንደ ላስቲክ አይለጥጠውም። የሚቀናው ሌላ ረድፍ መጨመር ነው። በዚህ ናሙና አንድ ረድፍ ያለው 12፣ ሁለት ረድፍ ያለው 18፣ ሦስት ረድፍ ያለው 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ምርጫችን እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ በፎቶው ላይም የምንሞክረው እነዚህኑ ብቻ ነው።

ፒክስልን ወደ ሴንቲ ሜትር መቀየር

ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ስታዛውሩ በኬብል ይሁን። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ መጠኑ ቀንሶ ዝርዝሩ ይጠፋል። የምንጠቀመው ፕሮግራም ጂምፕ ነው። በነፃ የሚገኝ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ባረጀ ላፕቶፕ ላይም አያስቸግርም።

የሙሽራዋን ፎቶ ክፈቱና ከ `Tools` ሥር `Measure` የሚለውን መርጣችሁ ከእንጨቱ አንደኛው ቀይ ምልክት እስከ ሁለተኛው ጎትቱ። ርቀቱ በፒክስል፣ ማለትም ፎቶው በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ቁጥር ይታያል። በያዝነው ምሳሌ 1600 ፒክስል መጣ እንበል። 100 ሴንቲ ሜትር 1600 ፒክስል ከሆነ አንዱ ሴንቲ ሜትር 16 ፒክስል ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሙሽራዋ ባዶ እግሯን 163 ሴንቲ ሜትር፣ ተረከዙ ደግሞ 7 ነው፤ ድምሩ 170 ሲሆን በፎቶው ላይ ከወለሉ እስከ አናቷ 2720 ፒክስል አካባቢ መምጣት አለበት። ጸጉሯ ከፍ ብሎ ከተሠራ ትንሽ ይጨምራል። ልዩነቱ ከመቶ ፒክስል በላይ ከሆነ ግን ወይ እንጨቱ ዘንብሏል፣ ወይ ከእሷ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሆኗል፤ ፎቶው ይደገም።

ቀጥሎ የጥለቱን ናሙና በ `File > Open as Layers` አስገቡት፤ ከሙሽራዋ ፎቶ በላይ እንደ ስስ ወረቀት ይነጠፋል። ይህን ንጣፍ ሌየር ይሉታል። የጥለቱን ስፋት በዚያው መለኪያ ለኩ። 1440 ፒክስል ቢሆን መሆን ያለበት 12 ሲባዛ በ16፣ ማለትም 192 ፒክስል ነው። `Layer > Scale Layer` ውስጥ የሚጻፈው የሌየሩ ሙሉ መጠን ስለሆነ መጀመሪያ ከጥለቱ ውጭ ያለውን ሸማና ሜትሩን ቆርጣችሁ አስወግዱ፤ ከዚያ በጥለቱ ስፋት አቅጣጫ በኩል 192 ጻፉ። የሰንሰለቷ ምልክት ተያይዛ ትቆይ፤ ከተፈታች ንድፉ ይጣመማል።

ጥለቱን ማልበስ

እስካሁን ጥለቱ በሙሽራዋ ላይ እንደ ፖስታ ቴምብር የተለጠፈ ነው። ጨርቅ የሚያስመስለው የሌየሩ አሠራር መቀየር ነው። በሌየሮቹ ዝርዝር አናት ላይ `Mode` የሚል አለ፤ ከ `Normal` ወደ `Multiply` ቀይሩት። ይህ አሠራር የላይኛውን ቀለም ከታችኛው ብርሃን ጋር ያባዛል፦ ነጭ ላይ ሲያርፍ ቀለሙ እንዳለ ይቀራል፣ ጥላ ላይ ሲያርፍ አብሮ ይጠቁራል። አቡጀዲው ነጭ እንዲሆን የፈለግነው ለዚህ ነው። የእጥፋቱ ጥላ በጥለቱ ውስጥ አልፎ ይታያል፤ ጥለቱ ከጨርቁ ጋር የታጠፈ ይመስላል።

ወዲያው የሚያጋጥም አንድ እንከን አለ። በጥለቱ ዙሪያ ግራጫ ሣጥን ይታያል። የናሙናው ነጭ በካሜራ ውስጥ ነጭ ሳይሆን ግራጫ ሆኖ ስለተነሣ ነው። የናሙናውን ሌየር መርጣችሁ `Colors > Levels` ክፈቱ፣ ነጩን መምረጫ ጠብታ ያዙና በናሙናው መስቀሎች መካከል ያለውን ባዶ ሸማ ንኩ። ሣጥኑ ይጠፋል። ቀለሞቹ በጣም ከደመቁ ግን አበዛችሁት፤ ትንሽ መልሱት።

ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ያለውን ጥለት ለመሥራት የመካከለኛውን ረድፍ ብቻ አባዝታችሁ በመስመሮቹ መካከል አሰልፉት። 18ቱ 288 ፒክስል፣ 24ቱ 384 ፒክስል ይሆናል። ይህን ስታደርጉ ሌየሮቹ ገና `Normal` ላይ ይሁኑ፤ ካዋሐዳችኋቸው በኋላ ነው ወደ `Multiply` የሚቀየሩት። በተቃራኒው ከተሠራ በተነባበሩበት ቦታ ጥቁር ጥቁር ይሆናሉ።

ከአንገት እስከ ታች የሚወርደው የመካከል ጥለት ቀላል ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጥያቄው ወገብ ላይ ነው። ቀሚሱ ሽንሽን ካለው ጥለቱም አብሮ ከተሸነሸነ 12 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወገብ ላይ ሰባትና ስምንት ሆኖ ይጠባል፣ መስቀሎቹም ይሰባበራሉ። ሁለቱንም አሠራር በፎቶው ላይ እዩት፦ አንዱን እንዳለ ተዉት፣ ሌላውን በ `Warp Transform` ወገቡ ላይ አጥብቡት። አብዛኛው ሰው ሳይጠብ የወረደውን ይመርጣል፤ እኔም ያንኑ እመርጣለሁ። ምርጫችሁ ይህ ከሆነ ለልብስ ሰፊው «መካከሉ ላይ 12 ሴንቲ ሜትሩ አይሸንሸን፣ ሽንሽኑ ከግራና ከቀኝ ይጀምር» ተብሎ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈለት እሱ ዙሪያውን እኩል ሊሸነሽን ይችላል።

የታችኛው ጥለት ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀሚሱ ክብ ስለሆነ፣ ካሜራውም ከወገብ ትይዩ ስለቆመ፣ የቀሚሱ ጫፍ በፎቶው ላይ መሃሉ ወደ ታች ያጎነበሰ ቅስት ነው። ቀጥ ያለውን ጥለት እዚያ ላይ ዝም ብሎ ማስቀመጥ እንደ ቀበቶ ያስመስለዋል። መጀመሪያ ከ `Layer` ሥር `Layer to Image Size` የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ ከሌየሩ ጠርዝ ያለፈው ጥለት ይቆረጣል። ከዚያ `Warp Transform` ያዙ፣ የብሩሹን መጠን ሰፋ አድርጉ፣ 300 አካባቢ፣ ጥለቱንም የአቡጀዲው ጫፍ እስኪገጥም በቀስታ ግፉት። በትንሽ ብሩሽ ከተሠራ መስቀሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። እጥፋት ውስጥ የሚገባውን ክፍል ለመደበቅ `Layer > Mask > Add Layer Mask` ጨምሩና በጥቁር ብሩሽ ቀቡት፤ የተቀባው ይሰወራል፣ በነጭ ከቀባችሁት ይመለሳል። እጇ ወይም እንጨቱ ጥለቱን የሚሸፍንበት ቦታ ካለም በዚሁ ይስተካከላል።

በመጨረሻ ፎቶውን አሳንሳችሁ ከሩቅ እዩት። በሠርግ ቀን ሰው ሙሽራዋን የሚያያት ከዚያ ርቀት ነው። አጉልቶ እያንዳንዷን መስቀል መመርመር ለእኛ ሥራ ትርጉም የለውም።

የያዝናት ሙሽራ ምን አየች?

ቀሚሱ ለመልስ ነው፤ ከላይ ካባ ይደረብበታል። ስትመጣ የያዘችው ሐሳብ የአንገት መስቀሉ 22 ሴንቲ ሜትር፣ የመካከሉ ጥለት 12፣ የታችኛው ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ነበር።

ቆማ የተነሣችው ፎቶ ላይ 24ቱ ከጉልበቷ በታች ያለውን ግማሽ ያህሉን ያዘ፤ ቀሚሱ ከታች ከበደ፣ እሷም አጠረች። 12ቱ ደግሞ ከመካከሉ ጥለት ጋር እኩል ስለሆነ ሁለቱ ሲገናኙ የመስኮት ፍሬም መሰለ። 18ቱ ላይ ተስማሙ። እናቷ ግን 24ቱን ነው የወደዱት፤ «ሠርግ እኮ ነው ልጄ» አሉ። ይህ ክርክር ጥለቱ ከመሸመኑ በፊት መካሄዱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ካባ የደረበችበት ፎቶ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ካባው ደረቷ ላይ የሚከፈተው 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነው የአንገት መስቀል ግራና ቀኝ ክንዶቹ በካባው ሥር ገቡ፤ የቀረው መካከሉ መስቀል መሆኑ አይታወቅም። መስቀሉ ጥልፍ ስለሆነ እንደ ጥለት ረድፍ አያስጨንቅም፤ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለና ሙሉ ሆኖ ታየ።

ተቀምጣ የተነሣችው ፎቶ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ከቆመው ይልቅ እሱን አምነዋለሁ። ሙሽራ በመልስ ቀን አብዛኛውን ሰዓት ተቀምጣ ነው የምትውለው። ስትቀመጥ የመካከሉ ጥለት ጉልበቷ ላይ ይሰበርና ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ጥለት ከፊት ይነሣል። አቡጀዲው ቁርጭምጭሚቷን ሲያሳይ ስላየን የቀሚሱ ቁመት ሁለት ሴንቲ ሜትር እንዲጨመርበት ወሰንን።

ፎቶው የማይነግራችሁ

ቀለምን በዚህ ፎቶ አትምረጡ። የስልክ፣ የላፕቶፕና የወረቀት ቀለም ሦስቱም ይለያያሉ። ቀለም የሚመረጠው ክሩን በእጅ ይዞ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ከሸማው ነጭ አጠገብ አድርጎ ነው። ነጩም ቢሆን አንድ አይደለም፦ በእጅ የተፈተለው ፈትል ወደ ክሬም ያዘነብላል፤ የፋብሪካው ክር ደግሞ ወተት ይመስላል። ደማቅ ወርቃማ ክርም በ `Multiply` ሲያልፍ ብልጭታው ጠፍቶ ቡናማ ይመስላል፤ ፎቶውን አይታችሁ ወርቃማውን አትጣሉት።

ነጭ በነጭ የተጠለፈ ጥልፍ ከሆነ ምርጫችሁ ይህ አሠራር ምንም አያሳያችሁም፤ ነጭን በነጭ ማባዛት ነጭ ነው። ናሙናውን በጎን ብርሃን በዐይናችሁ እዩት።

ሌላው ክብደትና ስስነት ነው። አቡጀዲ ከሳሳ ሸማ በተለየ ሁኔታ ነው የሚወርደው፤ ሸማው ወደ ሰውነት ይጠጋል፣ ብርሃንም ያሳልፋል። ገበር ይግባበት አይግባበት የሚለውን ጨርቁን መስኮት ላይ ይዞ ከልብስ ሰፊው ጋር መነጋገር ነው።

ለሸማኔውና ለልብስ ሰፊው የሚሰጠው ገጽ

የተመረጠውን ፎቶ በ `File > Export As` አውጥታችሁ በአንድ ገጽ ወረቀት አሳትሙት። የሙሽራዋን ፊት ግን ቆርጣችሁ አስቀሩት። ሱቁ የትዕዛዝ ፎቶዎችን ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ ወይም በቴሌግራም ሊያጋራ ይችላል፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ደግሞ ከአንገት በታች ያለው ነው።

በወረቀቱ ላይ ቀስት እያወጣችሁ በእጅ ጻፉ፦ የታች ጥለት ሁለት ረድፍ፣ 18 ሴንቲ ሜትር፤ የመካከል ጥለት አንድ ረድፍ፣ 12 ሴንቲ ሜትር፣ አይሸንሸን፤ የአንገት መስቀል 14 ሴንቲ ሜትር፤ የታችኛው ጥለት ከቀሚሱ ጫፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚጀምርም። የጥለቱን ርዝመት ለማወቅ የአቡጀዲውን የታች ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ 2 ሜትር ከ80 ከመጣ የሚያስፈልገው ቢያንስ ያንን ያህል ነው፣ ለስፌት የሚገባው ሳይቆጠር። ልኮቹ ሁሉ ያለቀ ቀሚስ ልክ መሆናቸውን ጻፉ። የእጅ ሸማ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት የሚያውቀው ባለሙያው ነው፤ እናንተ ጨምራችሁ እሱም ከጨመረ ቀሚሱ ይንዘላዘላል።

ከወረቀቱ ሌላ ከካርቶን ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፤ አንዱ በትክክል 18፣ አንዱ በትክክል 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ብዙ ሸማኔ በጣትና በስንዝር ነው የሚለካው፤ የአንዱ ስንዝር ደግሞ የሌላው አይደለም። ካርቶኑን ስትሰጡት «ጋሼ፣ ስፋቱ ይችን ታህል» ካላችሁ በቂ ነው፤ ድሩ ላይ አስደግፎ ያያታል። ትዕዛዙንም ቀደም አድርጉ። ለጥር ሠርግ የሚያሠሩ ሰዎች ከኅዳር 15 ጀምሮ ባለው የነቢያት ጾም ስለሚጋፉ ያኔ የሄደ ሰው «ይደርሳል» ከሚል ቃል በቀር የሚያገኘው ነገር የለም።

ሸማው ሲያልቅ ወደ ልብስ ሰፊው ከመሄዱ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ካርቶኑን ጥለቱ ላይ አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ላይ፣ መካከሉ ላይና መጨረሻው ላይ። እጅ ሲደክም ወይም ሌላ ሰው ተክቶ ሲሸምን ማጉ ይላላል ወይም ይጠብቃል፤ የጥለቱ ስፋት ጫፍና ጫፉ ላይ ሊለያይ ይችላል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢለያይ ጠበብ ያለው ወደ ኋላ እንዲሄድ ለልብስ ሰፊው ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በላይ ከሆነ መቀስ ሳይነካው እዚያው ከሸማኔው ጋር ተነጋገሩ፤ ከተቆረጠ በኋላ የማን ጥፋት እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል።